ዝሆኑ ጓደኛሽ አይደለችም፦ ስለ «ኤለፈንት ኢን ዘ ሩም» ምን ብለሽ ትጽፊላታለሽ?

«ጓደኛዬ አዳማ ነው የምትሠራው። አለቃቸው የውጭ ሰው ነው። ስብሰባ ላይ ‹ሌትስ አድረስ ዚ ኤለፈንት ኢን ዘ ሩም› አለና ስለዘገየው ደሞዝ ማውራት ቀጠለ። እሷ ትንሽ ወፈር ስለምትል የሰደባት መስሏት ስታለቅስ ዋለች። እኔ ደግሞ ‹ዝሆን ማለት ትልቅ ባለሥልጣን ነው፣ ወይም የተደበቀ ምስጢር ነው› ብያት ነበር፣ አላመነችኝም። ደብዳቤ ልጽፍላት ነው። ከኑሯችን የተወሰደ ምሳሌ ስጡኝ። ከሐዋሳ።»

አልተሰደበችም። ይህን የደብዳቤሽ የመጀመሪያ መስመር አድርጊው፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ልቧ የቆሰለ ሰው ስለ ቋንቋ ማብራሪያ ማንበብ አይችልም። መጀመሪያ ማወቅ የምትፈልገው ነገር «እኔን ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ብቻ ነው።

ማስረጃው ደግሞ እዚያው ጥያቄሽ ውስጥ አለ። ሰውዬው ያንን ካለ በኋላ ስለ ደሞዝ መናገር ቀጠለ ብለሻል። ይህ አነጋገር፣ ቃል በቃል «ክፍሉ ውስጥ ያለውን ዝሆን እናንሣ» የሚለው፣ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ወዲያው ተከትሎት የሚመጣው ነገር ራሱ ዝሆኑ ነው። ተናጋሪው «ዝሆኑን እናንሳው» ይልና ስሙን ይጠራዋል። ስለዚህ የዚያ ቀን ዝሆን ያልተከፈለው ደሞዝ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ በሆዱ ይዞት ተቀምጧል፣ አለቃውም ያውቃል፣ ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስለ ሌላ ስለ ሌላው ነበር የሚወራው። እሷ ግን «ዝሆን» የሚለውን ቃል ስትሰማ ደነገጠች፣ ከዚያ በኋላ ያለው ጆሮዋ አልገባም።

አንቺ የነገርሻትም ሁለቱም ልክ አይደሉም፣ ግን ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በአማርኛ ዝሆን ሲጠራ ጉልበት ነው የሚታየን። «ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው» ስንል ዝሆኖቹ ኃያላን ናቸው፣ ሣሩ ደግሞ እኛ ነን። ስለዚህ «ክፍሉ ውስጥ ያለው ዝሆን» ሲባል አእምሯችን ቶሎ ብሎ ባለሥልጣን ይፈልጋል። ሌላም አለ። መስማት የማይፈልግን ሰው «የዝሆን ጆሮ ይስጠኝ አለ» እንላለን። እዚህ ላይ ልብ በይ፦ በእኛ አነጋገር ዝሆን የተባለው አልሰማም ባዩ ሰው ነው፣ በእንግሊዝኛው ደግሞ ዝሆኑ ሰዎች እንዳላዩ የሚያልፉት ጉዳይ ነው። ቦታው ተገላብጧል። ስለዚህ ቃል በቃል ከተረጎምሽላት ትርጉሙ ይጠፋል ብቻ ሳይሆን ሌላ ትርጉም ይዞ ይመጣል።

አነጋገሩ ሲወጣ የሚታየው ሥዕል ይህ ነው። አንድ ሳሎን አለ። ሰዎች ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ። መሀል ላይ ዝሆን ቆሟል። ሲኒ የሚያቀብለው ሰው በእግሮቹ መሀል እጁን አሾልኮ ያቀብላል፣ አንዱ ጭራውን ገፋ አድርጎ ያልፋል፣ ወሬው ግን ስለ ዝናብ ነው። ዝሆን የተመረጠው ግዙፍ ስለሆነ ብቻ ነው። «አላየሁም» ማለት አይቻልማ! አይጥ ቢሆን ኖሮ አለማየት ያስኬድ ነበር።

ስለዚህ ሦስት ነገር አንድ ላይ መኖር አለበት። ጉዳዩ ትልቅ መሆን አለበት፣ እዚያ ያሉት ሰዎች ሁሉ ማወቅ አለባቸው፣ ደግሞም አብረው ሳሉ ማንም የማያነሳው መሆን አለበት። አንዱ ከጎደለ አነጋገሩ አይሠራም። «የተደበቀ ምስጢር» ያልሽው የሚወድቀው ሁለተኛው ላይ ነው። ምስጢር የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ ይህኛውን ሁሉም ያውቀዋል። ከቤት እንዳይወጣ የሚሸሸገውን ነገር እኛ ገመና እንለዋለን፣ ለእሱ እንግሊዞቹ ቁም ሳጥን ውስጥ ስላለ አጽም የሚናገር ሌላ አባባል አላቸው። ዝሆን ግን ቁም ሳጥን ውስጥ አይገባም።

«የአደባባይ ምስጢር» የሚለው አባባላችን በጣም ይቀርበዋል፣ እኔም ተማሪዎቼን የማስጀምረው ከእሱ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ናት። የአደባባይ ምስጢር በየካፌው፣ በየታክሲው ይወራል። ዝሆኑ ግን የሚታወቀው ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ዝም ሲሉ ነው። ክብደቱ ያለው ያ ዝምታ ላይ ነው። ከሁሉም በላይ ግን የሚስማማው ቃል «አይቶ እንዳላየ» የሚለው ነው። እሱን ደብዳቤው ውስጥ ብታስገቢው ማንም ማብራሪያ አይፈልግም።

ስለ አመጣጡ ብዙ መጻፍ አያስፈልግሽም፣ አንድ ነገር ግን ብታውቂ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም የዛሬው ትርጉም መጀመሪያ ላይ እንደዚህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1959 ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ለትምህርት ቤቶች ገንዘብ ማግኘት ሳሎን ውስጥ ዝሆን እንደማስቀመጥ ያለ ችግር ሆኗል፣ ከትልቅነቱ የተነሣ ችላ ሊባል አይችልም ተብሎ ተጽፏል። እዚያ ላይ ዝሆኑ ችላ የማይባል ነገር ነው። በኋላ ግን አነጋገሩ ወደ ሰዎቹ ዞረ፦ ችላ ሊባል የማይችለውን ነገር ችላ ሲሉ ማለት ሆነ። ለምሳሌ አባት ጠጪ የሆነበት ቤት ውስጥ ስላለው ዝምታ ለመናገር ብዙ ተጠቅመውበታል። ልጆቹ ያውቃሉ፣ እናት ታውቃለች፣ ጎረቤት ያውቃል፣ ራት ላይ ግን ስለ ወጡ ጨው ነው የሚወራው። ይህን ዓይነት ቤት ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ምሳሌው። አጥብቄ የምመክርሽ ታሪኩን ከአባባሉ አስቀድመሽ እንድታስገቢ ነው። ትርጉሙን ቀድመሽ ከሰጠሻት «ዝሆን» የሚለው ቃል እንደገና ያስደነግጣታል። ታሪኩን ካነበበች በኋላ ግን ዝሆኑን ራሷ ታገኘዋለች። እኔ ለዚህ ከእቁብ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም፣ ምክንያቱም እቁብ ውስጥ ገንዘቡ በግልጽ ይቆጠራል፣ የጎደለውም በግልጽ ይታያል፣ ይሉኝታችንም እዚያው ቁጭ ብሏል። እንዲህ ብለሽ ጻፊ፣ በራስሽ አፍ አስተካክይው፦

«እህቴ፣ ያ ሰው አልሰደበሽም። ስለ አንቺም አላወራም። እንዴት እንደሆነ እስክነግርሽ ታገሺኝና ይህችን አንብቢ።

እዚህ ሐዋሳ ሰፈር ውስጥ አሥራ ሁለት ሴቶች ሆነን እቁብ አለን እንበል። በሳምንት 500 ብር እንጥላለን፣ እጣ የወጣላት 6,000 ብር ይዛ ትሄዳለች። አንዷ በሦስተኛው ሳምንት ደረሳት። እስከ ሰባተኛው ሳምንት ጣለች። ስምንተኛው ላይ ‹የሚቀጥለው እሁድ አመጣለሁ› አለች። ዘጠነኛው ላይ ምንም አላለችም። አሥረኛው ላይም እንዲሁ።

አሥረኛው እሁድ ላይ ነይና ተቀመጪ። ቡናው ተፈልቷል። ፈንዲሻው ዞሯል። እሷም መጥታለች፣ በሩ ጋ ያለችው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ወሬው ደርቷል። አንዷ አሞራ ገደል ዓሣ ተወደደ ትላለች። አንዷ የባጃጅ ሰዎች ያለ ዋጋው ጠየቁኝ ትላለች። ስለ ሐይቁ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለማን ሠርግ ሁሉ ተወራ። የእቁቡ ዳኛ ገንዘቡን ቆጠረች። 5,500 ብር ነው። እንደገና ቆጠረች። ያው ነው። እጣ ለወጣላት ሴት ሰጠቻት። ያቺም ቆጥራ፣ ቀና ብላ አንድ ጊዜ ወደ በሩ አየችና፣ ገንዘቡን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ‹እሰይ፣ እንኳን ደረሰሽ› አልን። ሁለተኛው ቡና ተቀዳ።

ሁላችንም 500 ብር እንደጎደለ እናውቃለን። ማን እንዳልጣለች እናውቃለን። እሷም እንደምናውቅ ታውቃለች። ያልደረሳቸው ሁለት ሴቶች ነገ የእኛም ይጎድላል ብለው ሆዳቸው ይቆርጣል። ግን ባሏ ሥራ ፈትቷል፣ እንዴት ተደርጎ ይነሣል? ደግሞ የዳኛዋ ዘመድ ናት። ደግሞ ማን ጀመረው እንዲባል ነው? ስለዚህ ሁሉም አይቶ እንዳላየ ይሆናል።

እንግሊዞቹ ያንን የጎደለ 500 ብር ነው ‹ዝሆን› የሚሉት። ሴትዮዋን አይደለም። ሳሎኑን ሞልቶ ቆሞ ሳለ ማንም ስሙን የማይጠራው ጉዳይ ማለት ነው። ከመሀላችን አንዷ ደፍራ ‹እስቲ ሁላችንም የምናውቀውን ነገር እናንሣው፤ የሦስት ሳምንት 1,500 ብር ጎድሏል፣ ምን እናድርግ?› ብትል፣ በእንግሊዝኛ ልክ አለቃሽ ያለውን ነው ያለችው።

አሁን ያንን ስብሰባ አስቢው። ዝሆኑ ምን ነበር? ደሞዛችሁ አልነበረም?»

ደብዳቤውን እዚያ ላይ አቁሚው። መልሱን ራሷ ትስጥ።

ከዚህ በኋላ ያለው ለአንቺ ነው፣ ምናልባት መልሳ ብትጠይቅሽ። ትርጉሙ ገብቷት እንደሆነ የምታውቂው እቁቡን ትንሽ ስትለዋውጪው ነው። የጎደለውን የምታውቀው ዳኛዋ ብቻ ብትሆን፣ ከራሷ ኪስ እየሞላች ዝም ብትል፣ ዝሆን የለም፣ ያ የዳኛዋ ምስጢር ነው። በየሳምንቱ «አምጪ!» እየተባለች ጭቅጭቅ ቢነሣ አሁንም ዝሆን የለም፣ ያ ግልጽ ጠብ ነው። ሰዎቹ እቤት ውስጥ ዝም ብለው መንገድ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ቢያሟትስ? ዝሆኑ አለ፣ እንዲያውም ትክክለኛው ዝሆን ይሄ ነው። የጎደለው 5 ብር ቢሆን ግን ማንም ዝሆን አይለውም። ዝምታው የግድ መኖር እንዳለበት ግን እንግሊዝኛ በደንብ የሚናገሩ ሰዎችም ይስቱታል። ማንኛውንም ትልቅ ችግር፣ ጠዋት ማታ የሚወራውን የኑሮ ውድነት ሳይቀር፣ «ኤለፈንት ኢን ዘ ሩም» ይሉታል። የኑሮ ውድነት ላይ ማን ዝም አለ? ሁሉ የሚያወራው ነገር የቱንም ያህል ቢገዝፍ ዝሆን አይሆንም።

«ሩም» የሚለውም የግድ አራት ግድግዳ ያለው ክፍል አይደለም። የስልክ ስብሰባም፣ የቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕም ሊሆን ይችላል። ጉዳዩ የሚነካቸው ሰዎች የተገናኙበት ቦታ ማለት ነው።

ጓደኛሽን ሌላም ያደናገራት ቃል ይኖራል ብዬ እገምታለሁ፣ «አድረስ» የሚለው። እኛ ይህን ቃል የምናውቀው በአድራሻ ነው። ቅጽ ላይ ሰፈርና ቀበሌ የምንሞላበት። ስለዚህ «ሌትስ አድረስ» ሲባል የሰው ቤት የሚፈለግ ወይም አንድ ሰው የሚጠራ ይመስላል፣ አንድ ሰው ደግሞ ከተጠራ ያው እሷ ናት ማለት ነው። እዚህ ላይ ግን ቃሉ ግስ ነው። አንድን ጉዳይ አንሥቶ ፊት ለፊት መነጋገር ማለት ነው። በዚህ አባባል አጠገብ ብዙ ጊዜ የምትሰሚው እሱን ነው። ካልሆነ «ኢግኖር» ይመጣል፣ ያ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ዝሆኑን እንዳላዩ ማለፍ። ሌላ ትንሽ ነገር፦ ከኤለፈንት በፊት ያለችው «ዘ» ብዙ ጊዜ «ዚ» ተብላ ነው የምትነበበው፣ ቀጥሎ ያለው ቃል በአናባቢ ስለሚጀምር። ከሩም በፊት ያለችው ግን «ዘ» ናት። በጥያቄሽ ውስጥ ልክ አድርገሽ ነው የጻፍሽው።

አሁን ጥንቃቄው። ይህን አባባል ሰው ላይ አትለጥፉት። «እገሊት ናት ዝሆኑ» ማለት በእንግሊዝኛም ያስቀይማል፣ አካሏን የነኩ ይመስላልና። የሚባለው ስለ ጉዳዩ ነው፦ ስለ ብድሩ፣ ስለ መጠጡ፣ ስለ ደሞዙ። ወፍራም ሰው ባለበት ስብሰባ ላይ ጥንቁቅ ተናጋሪ አባባሉን ጨርሶ ይተወዋል። የጓደኛሽ አለቃ ክፉ አስቦ አይመስለኝም፣ ግን የሰሚዎቹ የመጀመሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ እንዳልሆነ እያወቀ በአባባል መናገሩ ትክክል አልነበረም። «ስለ ደሞዙ እንነጋገር» ቢል ኖሮ አንዲት ሴት ቀኑን ሙሉ አታለቅስም ነበር።

ቃል በቃል መተርጎም የሚያመጣውን ጣጣ በራሴ አይቼዋለሁ። ከዓመታት በፊት እዚሁ ሐዋሳ አንድ ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ ነበርኩ። እንግዳው ይህንኑ አባባል ተናገረ፣ እኔም ጊዜ ስላልነበረኝ «በክፍሉ ውስጥ ያለውን ዝሆን እናንሣ» ብዬ አለፍኩት። ፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎች ዞር ብለው ተያዩ። ከዚያ በኋላ ያለው ውይይት ቀዘቀዘ። ለሻይ ስንወጣ አንዱ አባት ወደ ጎን ጠሩኝና «ልጄ፣ ዝሆን ያለው የትኛችንን ነው?» አሉኝ። ሰውየው ሊያነሣ የፈለገው ቦታው ላይ የነበረውን የውሃ ጠብ ነበር፣ በደንብ የሚያውቁትን። ይቅርታ ጠይቄ አስረዳኋቸው፣ ግን ግማሽ ቀን ጠፍቷል። ከዚያ ቀን ወዲህ ዝሆን የሚለውን ቃል ወደ አማርኛ አላሻግርም።

ምን ብለሽ ትተረጉሚዋለሽ? «ሁላችንም እያወቅን ያላነሣነው ጉዳይ» በይ። ይረዝማል፣ ግን ማንም አይሳሳትም። ስብሰባ ላይ ከሆነ «ሁላችንም በሆዳችን የያዝነውን ነገር እናውጣው» ማለትም ይቻላል፣ ይሄኛው የሰው አፍ ላይ ይቀላል። «በክፍሉ ውስጥ ያለው ዝሆን» የሚለውን ግን፣ አሁን አሁን በየጽሑፉ ባየውም፣ አልመክርም። እንግሊዝኛውን ለሚያውቅ ሰው አያስፈልገውም፣ ለማያውቀው ደግሞ አይገባውም።

ጓደኛሽ አባባሉን ራሷ መጠቀም ከፈለገች ለመደበኛ ደብዳቤና ለማመልከቻ አይሆንም፣ የንግግር ነው። አንድ ነገር ደግሞ ታስብ። ዝሆኑን የጠራ ሰው ዝምታውን ነው የሰበረው፣ ስለዚህ «ታዲያ ምን ይሁን?» የሚል ጥያቄ ወዲያው ይመጣበታል። በእቁቡ ምሳሌ «1,500 ጎድሏል» ያለችው ሴት «በወር በወር ትክፈል፣ ዋሷም ይጠራ» የሚል ሐሳብ ይዛ ካልመጣች፣ ያቺን ምስኪን በሰው ፊት ከማሳፈር ያለፈ ነገር አልሠራችም። አለቃቸውም ዝሆኑን ከጠራ በኋላ ደሞዙ መቼ እንደሚገባ ቀን ተናግሮ እንደሆነ ጠይቂያት። እሷ ድንጋጤ ላይ ስለነበረች አልሰማች ይሆናል፣ አጠገቧ የነበረ የሥራ ባልደረባ ግን ሰምቶ ይሆናል።